ሊዝ ወይስ ግዢ? መጀመሪያ ማይልሽን አስቢ

«ሰላም የግሩፑ ቤተሰቦች። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ዲለሩ በሊዝ ከወሰድሽው ወርሃዊ ክፍያሽ በጣም ይቀንሳል ይለኛል። ሥራዬ ራቅ ያለ ነው። ሊዝ ይሻለኛል ወይስ ልግዛው?»

እህቴ፣ ሥራሽ ራቅ ያለ ከሆነ ግዢው። እኔ በ2019 በሊዝ ወስጄ ስላየሁት ነው የምነግርሽ።

1. ሬዚዱዋል ቫልዩ የሚሉትን ቁጥር ሳታዪ አትፈርሚ። ሊዙ ሲያልቅ መኪናው ይህን ያህል ያወጣል ብለው ገና ስትፈርሚ የሚጽፉት ዋጋ ነው። የእኔ መኪና 30,000 ዶላር ነበር፣ ከሦስት ዓመት በኋላ 18,000 ተብሎ ተጻፈ። መሀል ያለውን 12,000 ለ36 ወር ስታካፍይው በወር 333 ይመጣል። በዚያ ላይ ወለድ አለ። ወለዱን የሚደብቁበት መኒ ፋክተር የሚባል ጥቃቅን ቁጥር ነው፤ የእኔ 0.0025 ነበር፣ በ2,400 ስታባዢው 6 ፐርሰንት ይሆናል። የሚሰላው በዋጋውና በሬዚዱዋሉ ድምር ላይ ስለሆነ (48,000 ሲባዛ በ0.0025) በወር 120 ወጣ። በጠቅላላ 453፣ ታክስ ሳይጨመር።

መኒ ፋክተሩን ከፋይናንስ ክፍሉ ሰውዬ ለማውጣት ያየሁት አሳር! ስጠይቀው ስክሪኑን ወደ ራሱ አዞረና «ወርሃዊው ከተስማማህ ሌላው ምን ያደርግልሃል?» አለኝ። ከኋላዬ ሰው ቆሞ ሲሰማ። መኒ ፋክተሩን እንዲጽፍልሽ ሕጉ አያስገድደውም፤ ነገር ግን ሬንት ቻርጅ የሚባለውን ጠቅላላ ወለድ በሊዙ ወረቀት ላይ ማስፈር የፌዴራል ግዴታ ነው። የእኔ ላይ 4,320 ይላል። እሱን ለ36፣ ከዚያ ለ48,000 አካፍዬ እዚያው ወንበር ላይ አወጣሁት። ከዚያ በኋላ ቋንቋው ተቀየረ።

2. ሊዝ ላይ ዳውን ፔይመንት አትክፈይ። መኪናው በሁለተኛው ወር ተጋጭቶ ከጥቅም ውጭ ቢሆን ኢንሹራንሱ የሚከፍለው ለባለቤቱ ለሊዝ ኩባንያው ነው፤ ለምሳሌ 3,000 ከፍለሽ ከነበረ እዚያው ቀለጠ ማለት ነው።

3. ማይል። ዋናው ይሄ ነው። ውሌ በዓመት 12,000 ማይል ይፈቅዳል፣ ካለፈ በማይል 25 ሳንቲም። ስፈርም ሥራዬ ቅርብ ነበር። በኋላ እዚሁ ቨርጂኒያ ደለስ አዛወሩኝ፤ ከምኖርበት ከውድብሪጅ ደርሶ መልስ ወደ 70 ማይል ነው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ ቅዳሜ ልጆች፣ ሲደመር በዓመት 20,000 ገባ። ትርፉ በሦስት ዓመት 24,000 ማይል፣ ማለትም 6,000 ዶላር። ኡበር ልሠራበት ብለሽ ካሰብሽ ደግሞ ውሉን አንብቢ፤ ብዙዎቹ ይከለክላሉ።

በ2022 ልመልስ ስሄድ ዲለሩ ጎማውን በሳንቲም ለካ፣ የበሩን ጭረት በጣቱ እያሻሸ ጻፈ፣ ከዚያ «አዲስ ሊዝ ከፈረምክ ማይሉን እንተውልሃለን» አለኝ። ብዙ ጊዜ አይተዉትም! አዲሱ ውል ውስጥ ይጨምሩታል። እኔ ግን ያን ጊዜ ያገለገለ መኪና ዋጋ ሰማይ እንደነካ አውቅ ነበር፤ የእኔን የመሰለ ከ24,000 ዶላር በላይ ይጠየቅበታል። ውሌ ላይ ያለው 18,000 ግን አይነካም። ስለዚህ ቁልፉን ይዤ ወጣሁና በቀጥታ ለሊዝ ኩባንያው ደወልኩ። መኪናውን ራስሽ ከገዛሽው የማይልም የጭረትም ቅጣት የለም፣ የመመለሻ ክፍያም የለም። ክሬዲት ዩኒየን 18,000 አበደረኝና መኪናውን በስሜ አዞርኩ። ዲለሩ ግን በእሱ በኩል ብገዛ «የዶክመንት ክፍያ» እያለ ሊጨምርብኝ ነበር። እስከ ዛሬ እነዳዋለሁ፣ ዕዳ የለበትም።

ግን ይህ የሠራው ገበያው ከሬዚዱዋሉ በላይ ስለሄደ ነው። ዋጋ በወረደበት ጊዜ ቢሆን 15,000 ለሚያወጣ መኪና 18,000 መክፈል ወይም 6,000 ቅጣት መክፈል ነበር ምርጫዬ።

ያንኑ መኪና በ6 ፐርሰንት ለአምስት ዓመት ብትገዢው ወርሃዊው ወደ 580 ነው። ዲለሩ የሚያሳይሽ ይቺን ልዩነት ብቻ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን 13,000 አካባቢ ብቻ ይቀርሻል፣ መኪናው ያንቺ ነው፤ ብዙ ስለነዳሽ ዋጋው ቢወርድም ማንም የቅጣት ሂሳብ አይልክብሽም። ከአምስተኛው ዓመት በኋላ ዘይት፣ ጎማ፣ ኢንሹራንስና የካውንቲው የመኪና ታክስ የመሳሰለውን ብቻ ነው የምትከፍይው። ታክሱን ሊዝ ላይም ወደ አንቺ ነው የሚያዞሩት፣ እንዳያታልሉሽ።

በዓመት ከ10,000 በታች የምትነጂና በየሦስት ዓመቱ አዲስ መኪና የምትፈልጊ ብትሆኚ ሌላ ነገር ነበር። አሁን ያለሽን መኪና ኦዶሜትር ዛሬ ጻፊው፣ በወሩ መጨረሻ ድጋሚ እይውና በ12 አባዢው። ሊዝ ኮንትራት ከሰጡሽም ስምሽን ሸፍነሽ ሬንት ቻርጁንና ሬዚዱዋሉን እዚህ ለጥፊልኝ፣ አሰላልሻለሁ።