አንድ ሰዓት ብቻ ከሆነ የባትሪውን

ጥያቄ፦ «ለየቀኑ ሥራ የማደርገው የእጅ ሰዓት ልገዛ ነው። ያለኝ 10,000 ብር ነው። ሻጩ ‹አውቶማቲክ ውሰድ፣ ባትሪ አይፈልግም› ይለኛል፤ ጓደኛዬ ደግሞ የባትሪው ይሻልሃል ይላል። ሰዓቴን በእኛ አቆጣጠር ነው የማስተካክለው፤ ቀን የሚያሳይ ቢሆንልኝም ደስ ይለኛል። የትኛውን ልግዛ?»

ወንድሜ፣ ሁለቱንም ዓይነት ለዓመታት አድርጌአለሁ። አውቶማቲክ ሰዓት እወዳለሁ፤ ቢሆንም ባልከው ገንዘብ አንድ ሰዓት ብቻ የምትገዛ ከሆነ የባትሪውን፣ ማለትም ኳርትዙን ውሰድ።

ሻጩ ባትሪ አይፈልግም ያለህ እውነቱን ነው። ያልነገረህ ግን ዘይት እንደሚፈልግ ነው። አውቶማቲክ ሰዓት የሚሠራው በተጠቀለለ ሞላ ነው፤ ክንድህ ሲንቀሳቀስ በውስጡ ያለው ክብደት እየዞረ ሞላውን ይጠቀልላል። ጥርሶቹ የሚዞሩበት ዘይት ከዓመታት በኋላ ይደርቃል። ስለዚህ በየአምስት ዓመቱ ገደማ ሰዓቱ ተፈትቶ፣ ታጥቦ፣ እንደገና ዘይት ተቀብቶ መገጠም አለበት። በርካሽ ሰዓት ላይ የዚህ ሥራ የእጅ ዋጋ ከሰዓቱ ዋጋ ጋር ሊተካከል ይችላል፤ ጥሩ ሰዓት ሠሪ ማግኘቱም ሌላ ጣጣ ነው። የኳርትዙ ወጪ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት አንዴ የምትቀየር ትንሽ ባትሪ ናት።

በትክክለኛነትም አይወዳደሩም። ተራ ኳርትዝ በወር ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ቢሳሳት ነው። በዋጋ ዝቅ ያለ አውቶማቲክ በቀን 20 ሰከንድ ቢፈጥን ግን ጤነኛ ነው ይባላል፤ ያ በወር አሥር ደቂቃ ይሆናል።

ለአንተ ዋናው ነገር ግን ቀኑ ነው፤ ሻጮች ይህን ሲያነሱ ሰምቼ አላውቅም። የቀኑ ቁጥር የሚቀየረው ዘንጎቹ 12 ላይ ሲገጥሙ ነው፤ በየሁለተኛው ዙር። ሰዓትህን በእኛ አቆጣጠር ካስተካከልህ ቀኑ የሚቀየረው ወይ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነው፣ ወይ ምሽት 12 ሰዓት ላይ። እኔ ንጋቱን እመርጣለሁ። ብዙ ሰዓቶች ላይ ዘንጎቹ ከ9 እስከ 4 ባለው መካከል ሳሉ የቀን መቀየሪያው ጥርስ ይያያዛል፤ በዚያን ጊዜ ቀኑን በጎን ቁልፏ በግድ ካዞርኸው ጥርሱ ሊሰበር ይችላል። ንጋት ላይ እንዲቀየር ላደረገ ሰው ያ ጊዜ ከሌሊቱ 9 እስከ ረፋዱ 4 ነው፤ ማለትም ሰው ከእንቅልፉ ተነሥቶ ሰዓቱን የሚያስተካክልበት ጊዜ!

መፍትሔው ቀላል ነው። ቁልፏን እስከ መጨረሻው ስበህ ቀኑ እስኪቀየር ድረስ ዘንጎቹን ወደፊት አዙር፤ ከዚያ ቀጥለህ 6 ላይ አድርሳቸው። አሁን ቁልፏን ወደ መካከለኛው ቦታ መልሰህ የትናንቱን ቀን ሙላ። በመጨረሻ እንደገና ስበህ ዘንጎቹን ወደፊት ስታዞር ቀኑ ራሱ ወደ ዛሬ ይሻገራል። ንጋት ላይ እንዲቀየር ከፈለግህና ሰዓቱ ከምሽቱ 12 በኋላ ከሆነ፣ 12ን አንዴ ተጨማሪ አሳልፍ።

ይህ ለኳርትዝም ይሠራል፤ ልዩነቱ ስንት ጊዜ ትደጋግመዋለህ የሚለው ነው። ተራ አውቶማቲክ ሳይደረግ 40 ሰዓት ገደማ ይቆያል። ዓርብ ምሽት 12 ሰዓት ላይ ብታወልቀው እሁድ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ይቆማል፤ ሰኞ ጠዋት ሰዓቱንም ቀኑንም ከመጀመሪያው ታስተካክላለህ። ኳርትዙን የምትነካው ወር ሲያልቅ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ቁጥሩ የሚሄደው እስከ 31 ሲሆን የእኛ ወር 30 ላይ ያበቃል። የጳጉሜን መጨረሻ ግን ከ5 ወይም ከ6 ወደ 1 ለመመለስ ብዙ ማዞር አለብህ፤ የአዲስ ዓመት ሥራ ብዬ ለምጄዋለሁ።

ከገዛህ በኋላ ሁለት ነገር ተጠንቀቅ። የኳርትዙ የሰከንድ ቆጣሪ በአንዴ ሁለት ሁለት ሰከንድ መዝለል ከጀመረ፣ በብዙ ሰዓቶች ላይ ባትሪው ሊያልቅ ነው ማለት ነው። የሞተ ባትሪ ውስጡ አትተው፤ ፈሳሹ ወጥቶ ማሽኑን ይበላዋል። ጀርባው ላይ 30 ሜትር የሚል ካየህ ደግሞ ለእጅ መታጠብና ለዝናብ እንጂ ለዋና አይደለም።

እንግዲህ ልብህ አውቶማቲኩ ላይ ከሆነ፣ ሱቅ ውስጥ የሰከንድ ቆጣሪውን ጠጋ ብለህ እየው። በየሰከንዱ አንዴ ዘሎ የሚቆም ከሆነ በውስጡ ያለው ባትሪ ነው ብለህ ጠርጥር፤ እውነተኛው በአንድ ሰከንድ ውስጥ ብዙ ጥቃቅን እርምጃ ስለሚሄድ ሲፈስ ነው የሚታየው። በኋላም በድንገት በቀን ብዙ ደቂቃ መፍጠን ቢጀምር ተበላሸ ብለህ አትደንግጥ፤ ከድምፅ ማጉያ ወይም ማግኔት ካለው የቦርሳ መዝጊያ አጠገብ አድሮ ይሆናል። የስልክህን ኮምፓስ ከፍተህ ሰዓቱን አስጠጋው፤ መርፌው ከተወዛወዘ ማግኔት ይዞታል፤ ማግኔት ማስለቀቂያ ያለው ሰዓት ሠሪ ሳይፈታው በደቂቃ ውስጥ ያስተካክለዋል።