ቅስና ወይስ ሠርግ፣ የቱ ይቀድማል?

«ወንድሜ ዲያቆን ነው። መቀሰስ ይፈልጋል፤ እጮኛም አለችው። የቱ ይቀድማል? እኛ ቤተሰቦቹስ ምን እናድርግ?»

ሠርጉ ይቀድማል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ከቀሰሰ በኋላ ማግባት አይችልም። ሳያገባ መቀሰስ የሚፈልግ መንገዱ ምንኩስና ነው።

ጋብቻውም በተክሊልና በቁርባን መሆን አለበት። ሁለቱም በድንግልና የቆዩ ሊሆኑ ይገባል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። በማዘጋጃ ቤት ተፈራርሞ አብሮ መኖር የጀመረ ዲያቆን «በኋላ በተክሊል እናደርገዋለን» ቢል አይሆንለትም። ስለዚህ ሽማግሌ ስትልኩ ለልጅቷ ቤተሰብ ነገሩን በግልጽ ንገሩ። እሷም ቁርጡን ትወቅ፤ ሚስቱ ብትሞት እንኳ ቄስ ሆኖ ሌላ ማግባት አይችልም።

ትምህርቱስ? ከንባብና ከዳዊት አልፎ ቅዳሴ ቤት ገብቶ ለዲቁና በቅቷል። አሁን ደግሞ የካህኑን ድርሻ ከነዜማው ማወቅ አለበት። የመንፈሳዊ ኮሌጅ ዲግሪ ጥሩ ነው፤ ግን ቅዳሴውን አይተካለትም።

ከሠርጉ በኋላ የንስሐ አባቱ ይመሰክሩለታል፣ የሚያገለግልበት ደብርም ደብዳቤ ይጽፍለታል። ከዚያ ጳጳሱ ይፈትኑትና በቅዳሴ ላይ እጃቸውን ጭነው ይሾሙታል።

የዚያን ቀን የእናንተ ሥራ ድግሱ ነው። እናታችሁ የገዛ ልጃቸውን መስቀል ሲሳለሙ ማየት ግን ለብቻው ነው፤ እኛ ቤት ያን ቀን ያላለቀሰ አልነበረም።