የዕቃ ወጪ አሠራርን ወደ ፍሰት ንድፍ መለወጥ

«ሐዋሳ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል እሠራለሁ። የዕቃ ወጪ አሠራራችንን በአንድ ገጽ የፍሰት ንድፍ እንዳወጣ ታዝዣለሁ። ከየት ልጀምር?»

ከግሶቹ ይጀምሩ። ሰነዱን አትመው ድርጊት በሚናገር ግስ ሁሉ ሥር ያስምሩ፤ አንድ ግስ አንድ ሳጥን ነው። አስቸጋሪው ነገር የእኛ ሰነዶች አድራጊውን መደበቅ መውደዳቸው ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ይመልከቱ፦ «በሞዴል 20 የቀረበ ጥያቄ ሲጸድቅ ዕቃው በሞዴል 22 ወጪ ይደረጋል፤ ከሌለ ለግዥ ይተላለፋል።» ሲፈታ እንዲህ ይሆናል፦

1. ጠያቂ ክፍል፦ ሞዴል 20 ይሞላል
2. (ማን?)፦ ያጸድቃል
3. ዕቃ ግምጃ ቤት፦ ዕቃው አለ?
   አዎ → ሞዴል 22 ይቆርጣል፣ ተረካቢው ይፈርማል
   የለም → ለግዥ ክፍል ያስተላልፋል

«ማን?» የሚለውን በግምት አይሙሉት፤ ፊርማው የማን እንደሆነ ባለፉት ወራት ከተሞሉት ቅጾች ላይ ያገኙታል። በሰነዱ ከተጻፈው የሥራ መደብ ጋር ካልተስማማ ሁለቱንም ጽፈው ለኃላፊዎ ያሳዩ።

«ከሆነ» እና «ከሌለ» ባሉበት ሁሉ ሁለት መውጫ ያለው የውሳኔ ምልክት ይሠራል። «ሲጸድቅ»ም የተደበቀ ውሳኔ ነው፦ ባይጸድቅ ቅጹ ወዴት ይመለሳል? ዓረፍተ ነገሩ አይናገርም። መውጫውን ባዶ ይተዉት እንጂ ራስዎ አይፍጠሩለት።