ዋጋዬን ልጨምር ነው፤ ለደንበኞቼ እንዴት ልንገራቸው?

ጤና ይስጥልኝ፣ የአምዱ አዘጋጅ። በግሌ የትርጉምና የአርትዖት ሥራ እሠራለሁ። ቋሚ ደንበኞቼ ስድስት ናቸው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ በአንድ ዋጋ ሠርቼላቸዋለሁ። ከመጪው ወር ጀምሮ የገጽ ዋጋዬን 20 በመቶ ልጨምር ወስኛለሁ። ማስታወቂያውን ልጽፍ ስቀመጥ ግን አንዴ ልመና ይሆንብኛል፣ አንዴ ደግሞ ቁጣ። በተለይ የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ ማንም ሳያውቀኝ ያመነችኝ ሰው ስለሆነች ላስቀይማት አልፈልግም። ረቂቁን አያይዤዋለሁ። ምኑን ላስተካክል?
ጨነቀኝ

እህቴ፣ ረቂቅሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አዲሱ ዋጋ የሚገኘው አሥራ አንደኛው መስመር ላይ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ ይቅርታና የወጪ ዝርዝር ነው፦ ኪራይ፣ ኢንተርኔት፣ የኮምፒውተር ጥገና። ይህን ሙሉ በሙሉ አውጪው። ወጪሽን ስትዘረዝሪ ደንበኛው ስለ ሥራሽ ማሰቡን ትቶ ኪራይሽን መመዘን ይጀምራል። መጨረሻ ላይ ያለችውን «ከከበደዎት መነጋገር እንችላለን» የምትለዋንም ሰርዢ። ዋጋው ገና እንዳልተቆረጠ የምትናገረው እሷ ናት፤ ከዚያ በኋላ ደንበኛው ቢደራደር አይወቀስም።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፤ ቁጥሮቹን በራስሽ ተኪያቸው፦

«እንደምን ሰነበቱ። ከመጪው ወር የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ የገጽ ዋጋዬ ከ100 ወደ 120 ከፍ ይላል። ይህ ወር ከማለቁ በፊት ሙሉ ጽሑፋቸው እጄ የገባ ሥራዎች በነባሩ ዋጋ ይጠናቀቃሉ። ባለፈው ዓመት ያዘጋጀነው የሥልጠና መመሪያ በጣም የምወደው ሥራ ነው፤ ሁለተኛውንም ክፍል አብረን ብንሠራው ደስ ይለኛል። ግልጽ ያልሆነ ነገር ካለ ይደውሉልኝ።»

ሙቀቱ ያለው መመሪያው በተጠቀሰበት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው። ስለዚህ ለስድስቱም አንድ መልእክት በጅምላ አትላኪ። ለእያንዳንዳቸው ለብቻ ጻፊ፤ የጋራ ሥራችሁ የሚጠቀስበትን ቦታም በየራሳቸው ሥራ ሙዪው። ሌላው ቃል በቃል አንድ ቢሆን ምንም አይደለም።

«ሙሉ ጽሑፋቸው እጄ የገባ» ያልኩት ተቃጥዬ ስለተማርኩት ነው። አንድ ጊዜ «እስከ ወሩ መጨረሻ የታዘዙ ሥራዎች በነባሩ ዋጋ» ብዬ ጻፍኩ። አንድ ደንበኛ በመጨረሻው ቀን የአሥራ ሁለት ሰነዶች ርእስ ብቻ ልኮ «አዝዣለሁ» አለኝ። ጽሑፎቹ በየተራ ሲመጡ ግማሽ ዓመት አለፈ፤ ሁሉንም በአሮጌው ዋጋ ሠራኋቸው። ጥፋቱ የእኔ አጻጻፍ ነበር።

ከመላክሽ በፊት የተፈረመ ውል ያላቸውን ለይ። ውሉ ዋጋውን እስከ አንድ ቀን ድረስ ካሰረው ጭማሪው ከዚያ ቀን በፊት አይነካቸውም፤ የቅድሚያ ማስታወቂያ ጊዜ ካስቀመጠም እሱን ጠብቂ። ውል ለሌላቸው ግን ዛሬ ነገ አትበዪ። በጀታቸውን የሚያስተካክሉበት ጊዜ ይፈልጋሉ፤ ወሩ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው የሚደርስ ማስታወቂያ ጨዋ ሰውንም ያስቆጣል።

ለመጀመሪያዋ ደንበኛሽ ከመጻፍሽ በፊት ደውዪላት፤ ነገሩን ከአንቺው አንደበት ትስማው። ደብዳቤውንም በዚያው ቀን ላኪላት። ልታመሰግኛት ከፈለግሽ ጊዜ ስጫት፤ ለምሳሌ አሮጌው ዋጋ ለሁለት ወር ይቆይላት፣ የሚያበቃበት ቀን ግን በደብዳቤው ላይ ይጻፍ። ቀን ያልተቆረጠለት ውለታ ቋሚ ዋጋ ሆኖ ይቀራል።

አንዱ ቢሄድስ ብለሽ እንደምትፈሪ ይገባኛል። ስድስቱ ተመጣጣኝ ሥራ የሚሰጡሽ ከሆነ እናስላው። ዛሬ ከእያንዳንዳቸው 100 ብታገኚ ድምሩ 600 ነው። ከጭማሪው በኋላ አንዱ ቢቀር፣ ከአምስቱ 120 ስታገኚ ያው 600 ይሆናል፤ የሥራ ጊዜሽ ስድስተኛው እጅም ነጻ ይወጣል። ሁለት ቢቀሩ ግን 480 ነው፤ እሱን የምትሸፍኚበት ቁጠባ ይኑርሽ። ከገቢሽ ግማሹ ከአንድ ደንበኛ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ይህ ስሌት አይሠራም፤ ለእሱ ከመጻፍሽ በፊት ሌላ ሥራ ፈልጊ።

«በዛብን» የሚል መልስ ከመጣ ዋጋውን አትንኪ፣ ሥራውን ቀንሺ። «በነባሩ በጀት ትርጉሙን እሠራለሁ፤ ከገጽ አቀማመጥ በኋላ የማደርገው የመጨረሻ እርማት ግን አይካተትም» በዪ። መርጦ የሚቀር ይቀራል፤ ብዙዎቹ ግን እርማቱን ማጣት አይፈልጉም።

በአዲሱ ዋጋ የመጀመሪያውን የክፍያ መጠየቂያ ስትልኪ፣ «ከዚህ ወር ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የገጽ ዋጋ መሠረት» የሚል አንድ መስመር ጨምሪበት። ብዙ ጊዜ ክፍያውን የሚያጸድቀው የሒሳብ ሠራተኛ ደብዳቤሽን አላየውም።