የክራተም ሐራራ በጫት ሚዛን አይለካም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ ሌሊት ታክሲ እነዳለሁ። አገር ቤት ሳለሁ ጫት እቅም ነበር። እዚህ ጫት ክልክል ስለሆነ ከአሥር ወር በፊት አንድ ባልደረባዬ «ምትኩ ይኸው፣ ይሄም ቅጠል ነው፣ ነዳጅ ማደያው ሁሉ ይሸጠዋል» ብሎ የክራተም ዱቄት አስለመደኝ። መጀመሪያ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይበቃኝ ነበር። አሁን በቀን አራት ጊዜ፣ ሦስት ሦስት ማንኪያ እወስዳለሁ። ምርቃናው የለም፤ ጭራሽ ያንቀላፋኛል። ባለፈው ወር ላቆም ብዬ በማግስቱ አፍንጫዬ ፈሰሰ፣ ማዛጋቱ አላቆም አለ፣ ተቅማጥ ያዘኝ፣ ሌሊቱን እግሬ እየተወራጨ ነጋልኝ። በሦስተኛው ቀን ተመለስኩበት። ጉንፋን ነው ወይስ ሐራራ? ጫት ስተው እንዲህ ሆኜ አላውቅም። ለመተኛት ሁለት ሦስት ቢራ እጠጣለሁ። ሥራዬን ሳላቋርጥ እንዴት ልተወው?

መልስ፦ ሐራራ ነው፤ ግን የጫት ሐራራ አይደለም። ጫት የተወ ሰው ይደክመዋል፣ ይከፋዋል፣ ዱካክ ያስጨንቀዋል፤ አፍንጫው ግን አይፈስም። የአፍንጫ ፈሳሽ፣ ማዛጋት፣ ተቅማጥና የእግር መወራጨት ተያይዘው ሲመጡ ሰውነት የለመደው የሞርፊን ወገን የሆነ ነገር ጎድሎበታል ማለት ነው።

ክራተም ከቡና ጋር አንድ ቤተሰብ የሆነ የደቡብ ምሥራቅ እስያ ዛፍ ነው። በደቡብ ታይላንድና በሰሜን ማሌዥያ የቀን ሠራተኞችና ዓሣ አጥማጆች የትኩስ ቅጠሉን ጅማት እያወጡ ያኝኩታል፤ ፀሐዩንና ድካሙን ያስረሳቸዋል። እስከዚህ ድረስ ባልደረባዎ አልተሳሳተም፣ ነገሩ ጫት ይመስላል። ልዩነቱ ውስጡ ነው። ሚትራጋይኒን የሚባለው ዋና ንጥረ ነገሩ በትንሹ ሲወሰድ ያነቃል፤ መጠኑ ሲጨምር ግን ሞርፊን በሚያርፍባቸው የአንጎል ተቀባዮች ላይ የሚሠራው ሥራ ያይላል፤ ሕመም ያስታግሣል፣ ያደነዝዛል፣ ሆድ ያደርቃል። ጉበት ደግሞ ከሚትራጋይኒን ጥቂቱን ወደ 7-ሃይድሮክሲሚትራጋይኒን ይለውጠዋል፤ በእነዚያ ተቀባዮች ላይ ልጁ ከአባቱ እጅግ ይበረታል።

በግምት ከ1 እስከ 5 ግራም ዱቄት ማነቃቃቱ ይጎላል፤ ከ5 እስከ 15 ግራም ማደንዘዙ። ማንኪያዎ 2 ግራም የሚይዝ ከሆነ በአንድ ጊዜ 6 ግራም፣ በቀን 24 ግራም እየወሰዱ ነው። ምርቃና ፍለጋ መጠኑን በጨመሩ ቁጥር ምርቃናው ካለበት ወገን እየራቁ ሄደዋል። እንቅልፉም ከዚያ የመጣ ነው፤ መሪ ለሚይዝ ሰው ደግሞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ቢራው ከሁሉ በፊት መቆም አለበት። ጨብሲ ከጫት ጋር የተለመደው ጫት ስለሚያነቃና አልኮል ስለሚያበርድ ነው። ክራተም በዚህ መጠን ራሱ አብራጅ ስለሆነ ቢራው የሚደረበው በማደንዘዣ ላይ ነው፤ ሁለቱ ተባብረው ትንፋሽ ያዘገያሉ። የእንቅልፍ ወይም የጭንቀት ኪኒን ሲጨመርበት ይብሳል። ሰው እያንኮራፋ አልነቃ ካለና ከንፈሩ ከጠቆረ 911 ይደወላል፣ በአፍንጫ የሚረጨው ናርካን ካለ ይሰጠዋል።

የማቆም ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ከመጨረሻው መጠን በኋላ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ይከፋል፣ በሳምንት ገደማ ይረግባል፤ የእንቅልፍ እጦቱና መከፋቱ ግን ከዚያም ሊዘልቁ ይችላሉ። እርስዎ የተመለሱበት ልክ ቁንጮው ላይ ሲደርስ ነው። ሥራ ሳያቋርጡ ለማቆም የሚሻለው ቀስ እያሉ መቀነስ ነው።

መጀመሪያ እስከ 0.1 ግራም የምትለይ ትንሽ ሚዛን ይግዙ፤ ማንኪያውን ይተዉት። የደቀቀ ዱቄት ተጠቅጥቆ ሲሞላና ላላ ብሎ ሲሞላ ክብደቱ በጣም ይለያያል፤ ሐራራ የያዘው እጅ ደግሞ ሁልጊዜ ይጠቀጥቃል። ለሦስት ቀን ምንም ሳይቀንሱ የሚወስዱትን ብቻ እየመዘኑ ይጻፉ። 24 ግራም ሆነ እንበል። በመጀመሪያው ሳምንት 22፣ በሁለተኛው 20 እያሉ በየሳምንቱ 2 ግራም እየቀነሱ 8 ግራም ላይ ይድረሱ፤ ይህ ስምንት ሳምንት ይወስዳል። ከዚያ በኋላ 2 ግራም ከቀሪው ሩብ ስለሆነ ሰውነት ያውቀዋል፤ በየሳምንቱ 1 ግራም ብቻ ይቀንሱ። በጠቅላላው አራት ወር ገደማ ነው። ቅነሳውን ከመሐል ካሉት መጠኖች ይጀምሩ፤ ከመኝታ በፊት ያለችውን መጨረሻ ላይ ይተዉ፣ ሌሊት የሚቀሰቅስዎት የእግሩ መወራጨት ስለሆነ። አንዱ ሳምንት ከከበደ እዚያው ቁጥር ላይ ሌላ ሳምንት ይቆዩ እንጂ ወደ ላይ አይመለሱ።

ብዙ ሰው የሚወድቀው ከረጢት ሲቀይር ነው። የደረቀ ቅጠል ሚትራጋይኒን ብዙውን ጊዜ ከክብደቱ 1 እስከ 2 በመቶ ነው። ስለዚህ 20 ግራም ከአንዱ ከረጢት 200 ሚሊግራም፣ ከሌላው 400 ሊሆን ይችላል። ሚዛኑ ላይ ቁጥሩ አልተለወጠም፣ ሰውነትዎ የሚያገኘው ግን እጥፍ ሆኗል፤ ወይም በግማሽ ወርዶ በድንገት ያቆሙ ያህል ያማል። አሮጌው ሳያልቅ አዲሱን ገዝተው ሁለቱን ለሁለት ሳምንት እያደባለቁ ይሸጋገሩ።

ለተቅማጡ ያለ ማዘዣ የሚሸጠው ሎፐራማይድ ይረዳል፤ ባለ 2 ሚሊግራሙ በቀን ከአራት ፍሬ አይበልጥም። ሐራራውን ለማጥፋት ብለው በደርዘን የሚውጡት አሉ፤ ያ የልብ ምትን አዛብቶ ይገድላል።

ሐኪምዎ ዘንድ ሲሄዱ ስሙን፣ ግራሙንና የወሩን ብዛት ራስዎ ይንገሩ፤ የተለመደው የሽንት ምርመራ ክራተምን አያሳይም። የሚወስዷቸውን መድኃኒቶችም ይዘርዝሩ፤ ክራተም ጉበት አንዳንድ የድብርትና የልብ መድኃኒቶችን የሚፈጭበትን መንገድ ስለሚዘጋ በደም ውስጥ ይከማቻሉ። ለክራተም ተብሎ በአሜሪካ የተፈቀደ መድኃኒት የለም፤ ሐኪሞች ግን ላቡንና መቅበጥበጡን ለማስታገስ ክሎኒዲን፣ ሱሱ ለጠናበት ቡፕረኖርፊን ያዝዛሉ። ክሎኒዲን የደም ግፊት ስለሚያወርድ እንዴት እንደሚያደርግዎት ሳያዩ መኪና አይያዙ። ዓይን ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንት እንደ ሻይ ከጠቆረ ጉበት ተጎድቷልና ቅነሳውን ሳይጠብቁ በዕለቱ ይታዩ።

አንድ ነገር ከረጢቱ ላይ ያንብቡ። የ7-ሃይድሮክሲሚትራጋይኒን አጭር ስም የሆነው 7-OH ከተጻፈበት፣ በተለይ ኪኒን ወይም ከረሜላ ከሆነ፣ ከላይ ያለው የግራም ስሌት አያገለግልም። ያ ቅጠል አይደለም፤ በደረቁ ቅጠል ውስጥ እዚህ ግባ የማይባለው ብርቱው ንጥረ ነገር ተለይቶ የታጨቀበት ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም በሐምሌ 2025 በጥብቅ ቁጥጥር ሥር እንዲውል የጠየቀው ቅጠሉን ሳይሆን ይህንኑ ነው። እሱን እየወሰዱ ከሆነ ቅነሳውን ብቻዎን አይሞክሩት፤ ማሸጊያውን ይዘው ሱስ የሚያክም ክሊኒክ ይሂዱ።