ከ20 ባና 3 ሲመለስ፣ የእውነት ትርፉ ስንት ነው?

ጥያቄ፦ «ከደብረ ብርሃን የመንዝ ባና በአፕ እየሸጥኩ አዲስ አበባ እልካለሁ። በ1,500 ገዝቼ በ2,400 ስሸጥ 900 አተርፋለሁ ብል፣ ወሩ ሲያልቅ እጄ ላይ የለም። አፑ 10 በመቶ፣ ክፍያው 1 በመቶ ይቆርጣል። አውቶቡስና ሞተረኛ 250፣ ማሸጊያ 40 ነው። ከ20 ባና 3 ይመለስብኛል። ብሩ የት ነው የሚገባው?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ሳይመለስ የቀረውን አንድ ባና እንይ። አፑና ክፍያው የሚቆርጡት ከ900ው ሳይሆን ከ2,400ው ስለሆነ 240 እና 24 ይወስዳሉ። መንገድ 250፣ ማሸጊያ 40 ሲቀነስ 346 ብር ይቀርሻል።

ዋናው ቀዳዳ ግን የተመለሰው ነው። ባናው እጅሽ ስለገባ ያልከሰርሽ ይመስልሻል። እሱ ግን መሄጃ 250፣ መመለሻ 250፣ የተቀደደ ማሸጊያ 40 በልቶ ነው የመጣው። ኮሚሽኑ ተመልሶልሽ የክፍያው 24 ብር ሳይመለስ ከቀረ፣ አንዱ 564 ብር ያስወጣል። ሁለቱም መመለስ አለመመለሳቸውን ከአፑ ውል ላይ አረጋግጪ፤ ኮሚሽኑም ከቀረ 804 ይሆናል።

በ564 ሂሳብ ሦስቱ 1,692 ናቸው። አንዱ ቆሽሾ መጥቶ 400 ቀንሰሽ ብትሸጪው 2,092 ይደርሳል። አሁን ከተሸጡት 17 ባናዎች የተገኘውን 5,882 ያዢና ይህን ቀንሺ፤ 3,790 ይቀራል። ለ17 ስታካፍይው 223 ብር ነው። ለ20 ካካፈልሽው 190 ገደማ ይመጣል፤ እሱ የተላከ ባና ትርፍ ነው፣ ዋጋ የሚወጣው ግን በተሸጠው ነው።

በአንድ ባና 400 ማትረፍ ከፈለግሽ 1,500፣ 250፣ 40 እና 2,092 ለ17 ሲካፈል የሚመጣውን የመልስ ድርሻ 123 ደምሪ፤ 1,913 ይሆናል። 400ውን ጨምረሽ 2,313ን፣ የአፑና የክፍያው 11 በመቶ ተቆርጦ ለሚቀረው 0.89 አካፍይ፣ 2,600 ገደማ ይመጣል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ 11 በመቶ ይደምርና 2,567 ላይ ይቆማል። አፑ ግን የሚቆርጠው ከመጨረሻው ዋጋ ስለሆነ ትርፉ 372 ብቻ ይሆናል።

ዋጋ ከመጨመርሽ በፊት ግን የሚመለስበትን ምክንያት በየባናው ጻፊ። ባና ትንሽ እርጥበት ይዞ በፌስታል ከታሸገ ሽታ ይዞ ነው የሚደርሰው፣ በተለይ በክረምት። ሳታሽጊ በፊት ፀሐይ ላይ አናፍሺው፤ ፀሐይ ከሌለ አንድ ቀን ነፋስ ያለበት ቤት ውስጥ ዘርጊው። መጠኑንም «ትልቅ» ከማለት ቁመቱንና ወርዱን በሜትር ለክተሽ፣ አልጋ ላይ ዘርግተሽ ፎቶ አንሺው። ሦስቱ ወደ አንድ ቢወርዱና እሱም ደህና ሆኖ ቢመለስ፣ በዚያው በ2,400 ትርፍሽ ከ223 ወደ 316 ይወጣል።