ውጤቱ ከታወቀ በኋላ ግምትን መመርመር

«ባንኩ ባለፈው ዓመት መዝጊያ ላይ ለብድር ኪሳራ 40 ሚሊዮን መጠባበቂያ ይዞ ነበር፤ የደረሰው ኪሳራ ግን 65 ሚሊዮን ሆነ። ግምቱ ስሕተት ነበር ብዬ ልጻፍ?»

ልዩነቱ ብቻውን ስሕተት መኖሩን አያሳይም። ዓለም አቀፉ የኦዲት ስታንዳርድ ቁጥር 540 ያለፈውን ግምት ከውጤቱ ጋር እንድናስተያይ የሚያዝዘን የዘንድሮውን ግምት ስጋት እንድንለይ እንጂ፣ በጊዜው በነበረው መረጃ በአግባቡ የተወሰነውን እንደገና እንድንዳኝ አይደለም።

ስለዚህ 25 ሚሊዮኑን በተበዳሪ ይከፋፍሉትና መረጃው መቼ እንደተገኘ በእያንዳንዱ ላይ ይጻፉ። 18 ሚሊዮኑ ሒሳቡ ከጸደቀ ከአራት ወር በኋላ ፋብሪካው የተቃጠለበት የአንድ ተበዳሪ ቢሆን፣ ይህን ማንም አስቀድሞ ሊያውቀው አይችልም ነበር። ቀሪው 7 ሚሊዮን ግን የባንኩ የራሱ የውዝፍ ዝርዝር በመዝጊያው ቀን ክፍያቸው ከ30 ቀን በላይ መዘግየቱን እያሳየ ስጋታቸው በእጅጉ እንዳልጨመረ ተቆጥሮ በመጀመሪያው ደረጃ የተመደቡ የሦስት ተበዳሪዎች ቢሆን፣ ነገሩ ሌላ ነው። ዓለም አቀፉ የሒሳብ ሪፖርት ስታንዳርድ አይኤፍአርኤስ 9 እንዲህ ያለውን መዘግየት፣ ባንኩ በማስረጃ እስካላስተባበለ ድረስ፣ ስጋቱ በእጅጉ የመጨመሩ ምልክት አድርጎ ስለሚወስደው፣ መጠባበቂያው ለአሥራ ሁለት ወር ሳይሆን ለብድሩ ቀሪ ዘመን በሙሉ መሠራት ነበረበት።

ብዙዎች የሚሰናከሉት ከዚህ ቀጥሎ ነው፤ የስሕተቱ መጠን 7 ሚሊዮን አይደለም። በዚያ ቀን መያዝ የነበረበት 3 ሚሊዮን፣ የተያዘው ደግሞ 1 ሚሊዮን ከሆነ፣ ስሕተቱ 2 ሚሊዮን ነው። ኪሳራውን በሙሉ ስሕተት ብሎ መመዝገብ በፊት ለፊት ያባረሩትን የኋላ ዕውቀት በጓሮ በር ማስገባት ነው።

«በ500 የተገዛ ዕቃ ከመዝጊያው በኋላ በሁለተኛው ወር በ380 ተሸጠ። የክምችቱ ዋጋ ይቀነስ?»

መልሱ ዋጋው በወደቀበት ምክንያት ላይ ይወሰናል። የመጋዘን ካርዱ ከመዝጊያው በፊት ከመጋዘን የሚወጣው ዕቃ ከወር ወር እየሳሳ መምጣቱን ካሳየና ተተኪው ሞዴል ያኔ ገበያ ላይ ከነበረ፣ ሽያጩ ቀድሞ የነበረውን ሁኔታ ያረጋግጣል፤ ለመሸጫ 20 ከወጣ የመዝጊያው ዋጋ 360 ይሆናል። ዕቃው በደንብ ሲወጣ ቆይቶ ከመዝጊያው በኋላ በታወጀ እገዳ ከወደቀ ግን ኪሳራው የሚቀጥለው ዓመት ነው፤ መጠኑ ከፍተኛ ከሆነ በማብራሪያ ይገለጻል።

«ውጤቱን ካወቅሁ በኋላ እንዳላወቀ ሰው መገመት እችላለሁ?»

አይችሉም፤ መፍትሔው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ከመዝጊያው በኋላ ያሉትን ክፍያዎችና ሽያጮች ከመክፈትዎ በፊት፣ በመዝጊያው ቀን በነበረው ፋይል ብቻ የራስዎን የግምት ክልል ሠርተው ቀኑን ጽፈው ይፈርሙበት። ከዚያ በኋላ ክልሉን የሚቀይሩት አዲሱ ማስረጃ በመዝጊያው ቀን ስለነበረው ሁኔታ የሚናገር ሲሆን ብቻ ነው። አስቀድመው ካወቁ ፋይሉን ለማያውቅ ባልደረባ ይስጡ። እኔ አንድ ጊዜ የተበዳሪውን መክሰር ሰምቼ ፋይሉን ስከፍት እያንዳንዱ ደብዳቤ ማስጠንቀቂያ መስሎ ታየኝ፤ ምንም ያልሰማው ባልደረባዬ ግን በእነዚያው ደብዳቤዎች ያገኘው የአንድ ወር የጊዜ ማራዘሚያ ጥያቄ ብቻ ነበር።